አንድ ስምንት ቁጥር

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ አዘዞ የሄድኩት ሞተር ሳይክል ለመግዛት ነበር፤ ቤቴ የገባሁት ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ይዤ ነው። በወረቀቷ ላይ በእርሳስ ታሽቶ የወጣ የሞተር ቁጥር አለ። ዝርዝሩ ሳይደበዝዝብኝ ከፊቴ አስቀምጬ እጽፈዋለሁ።

ሞተር ሳይክሏ ቦክሰር ናት፤ ሻጩም ትሁት ወጣት ነው። ሊብሬው በእሱ ስም አልወጣም፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ሲሆን ልጁ የያዘው ውክልና ነው። በውክልና መሸጥ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሆኖም ስም ሳይዛወር ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረች ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የምትገኘው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ወረቀቱን በጥድፊያ አላለፍኩትም። ውክልናው ስለ ማስተዳደር ብቻ ሳይሆን ስለ መሸጥና ስም ስለ ማዛወር በግልጽ መናገሩን፣ የወካዩ ስም ከሊብሬው ጋር እስከ አያት ድረስ መግጠሙን፣ ሰሌዳውና የሻንሲው ቁጥርም በውስጡ መጻፋቸውን አየሁ። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ስለሚያበቃ፣ ባለቤቱን በስልክ እንዲያገናኘኝ ልጁን ጠየቅሁት። ሰውየው ወዲያው አነሳ። በኋላ የጠቀመኝም ያ የስልክ ጥሪ ነው።

ከዚያ ወደ ብረቱ ዞርን። አጎቴ ለረጅም ዓመታት በመካኒክነት የኖረ ሰው ስለሆነ አብሮኝ እንዲመጣ ለምኜው ነበር። በእኛ አነጋገር ተሽከርካሪውም ሞተር፣ ውስጡ ያለው ኃይል ሰጪም ሞተር ስለሚባል፣ «የሞተር ቁጥሩን አሳየኝ» ስለው ልጁ መሪው ሥር ያለውን ቁጥር አሳየኝ። እሱ የሻንሲው ነው። በቦክሰር ላይ የሻንሲው ቁጥር መሪውን በተሸከመው ቱቦ በቀኝ በኩል የተመታ ሲሆን፣ መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ገመዶቹን ገለል ካላደረጉ በደንብ አይታይም። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በግራ በኩል፣ ማርሽ መቀየሪያው አጠገብ፣ በአሉሚኒየሙ የሞተር ቤት ላይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሊብሬው ላይም በየራሳቸው ቦታ ይጻፋሉ።

የሻንሲው 17 ፊደልና አኃዝ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ገጠመ። በአንድ ቦታ ላይ የሊብሬው ጸሐፊ ዜሮውን ክብ አድርጎ የእንግሊዝኛውን O ፊደል አስመስሎት ስለነበር ትንሽ ተጠራጥሬ ነበር፤ አጎቴ ግን በእንዲህ ያለው ባለ 17 የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ያ ፊደል ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ ሲባል ጨርሶ እንደማይገባ ነግሮኝ አለፍነው።

የሞተሩ ቁጥር በአሮጌ ዘይትና በአቧራ ተሸፍኗል። አጎቴ ቤንዚን በጥርስ ብሩሽ እያስነካ ጠረገው። የመጨረሻዎቹ አምስት አኃዞች 48187 ናቸው፤ ሊብሬውም 48187 ይላል። እኔ በዚህ ረክቼ ስለ ዋጋው ማሰብ ጀምሬ ነበር። አጎቴ ግን የስልኩን መብራት ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከብረቱ ጋር አግድም አስተካክሎ አበራና ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ነይ እዪው፤ ሁለቱ ስምንቶች ወንድማማቾች አይደሉም» አለኝ።

ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ አስደግፎ የእርሳሱን ጎን እያጋደመ አሸው። አሁን ከፊቴ ያለችው ወረቀት ያቺ ናት። ከአንድ በኋላ የመጣው ስምንት ላይኛው ክብ ከታችኛው ትንሽ ያነሰ ነው፤ መስመሩ ዙሪያውን እኩል ጥልቀት ስላለው በወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ከአራት ቀጥሎ ያለው ስምንት ግን ቀኙ ብቻ እንደዚያ ነው። በግራ በኩል ክቦቹን የሚዘጉት ሁለት ቅስቶች ቀጭንና ጥልቀት የሌላቸው ሲሆኑ፣ የታችኛው መሐል ላይ ሳይገናኝ ቀርቷል። በዓይንም ሲታይ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ በሹል ነገር ሲቧጠጥ በጠርዙ ላይ ትንሽ ከንፈር አውጥቷል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዘኝ። ከፋብሪካ የመጡት አኃዞች እንዲህ ያለ ከንፈር የላቸውም። በአጭሩ ሦስት የነበረው ስምንት እንዲሆን ተደርጓል።

ለእኔ ግራ የገባኝ ሌላው ነገር ነው። ሌባ ቁጥር ሲለውጥ አጎቴ እንደሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን በሞላ ሞርዶ እንደ አዲስ ይመታል፤ ያን ጊዜ ሜዳው ጎድጎድ ብሎ ይታያል፣ የሞረዱ ጭረት ይቀራል፣ አኃዞቹም ከፍና ዝቅ ይላሉ። እዚህ ግን ሜዳው ደኅና ነው። የተሰረቀ ሞተር ደግሞ በእጁ ካለው ሊብሬ በአንዲት አኃዝ ብቻ ይለያያል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ባለቤቱን ደግሜ ደወልኩለትና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ኮፒ እንዳለው ጠየቅሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ላከው። እዚያ ላይ ያለው 43187 ነው። የሻንሲው ቁጥር ግን እዚያም ያው ነው።

ሰውየው በኋላ እንደነገረኝ ስህተቱ ሊብሬው ሲጻፍ የገባ ነው፤ ለምርመራ ባቀረባት ጊዜ ቁጥሩ አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ፤ አንድ ጋራዥ ያለ ሰው ደግሞ «ይህማ ቀላል ነው» ብሎ ወረቀቱ እንዲታረም ከማድረግ ይልቅ ብረቱን አረመው። ታሪኩ እውነት ይመስለኛል። ግን ለእኔ መምሰሉ ምን ያደርግልኛል? በነገው ቀን የሚያስቆመኝ ትራፊክ የሚያየው የተነካካ ቁጥር እንጂ የሰውየውን ታሪክ አይደለም። ቁጥሩ ከሊብሬው መግጠሙም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ በዲክላራሲዮኑ በቀላሉ የሚታረም የጽሕፈት ስህተት ነበር።

በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ዋናው ዲክላራሲዮን የሚገኘው ሰሌዳው በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ መኖር አለመኖሩም እዚያው ይጠየቃል። ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው፦ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ፋይሉን ያስወጣ፤ የሞተሩ ቁጥር መነካካቱን ሳይደብቅ ተናግሮ ምርመራ ይጠይቅ፤ ሊብሬው በ43187 ታርሞ ስለ ተነካካው አኃዝ የተጻፈ ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ። ከዚያ በፊት ቀብድም አልከፍልም። ልጁ በዋጋው ላይ ልቀንስልሽ አለኝ፤ አጎቴ ሳቀ። የሚቀነሰው ገንዘብ ያቺን ቅስት አያጠፋትም።

ልጁ ሲሄድ ለባለቤቱ ላሳየው ብሎ ወረቀቷን ጠየቀኝ። አጎቴ ሌላ አሽቶ ሰጠው፤ ይችኛዋን እኔ አስቀረሁ።