ጎማው ቆሟል ወይስ አልቆመም? የስድስተኛው ቀን የመኪና መንዳት ልምምዴ

ዛሬ ሁለት መገናኛዎች ላይ ተሳሳትኩ፤ ሁለተኛውን ስህተት የወለደው የመጀመሪያው እርማት ነው።

የመጀመሪያው መገናኛ ስምንት ማዕዘን ያለው ቀዩ የ«ቁም» ምልክት ነበረበት። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ደርሼ ግራ ቀኝ አየሁ፤ ባዶ መስሎኝ ልቀጥል ስል አሰልጣኜ በእርሳቸው በኩል ያለውን ፍሬን ረገጡ።

«ቆመሽ ነበር?»

«በጣም ቀስ ብዬ ነበር።»

«እርሱን አይቻለሁ። ጎማው ቆሞ ነበር ወይ?»

አልቆመም ነበር። «መንገዱ ባዶ ከሆነ ለማን ነው የምቆመው?» አልኳቸው።

«ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ? አጥሩን ተመልከቺ።» የግንብ አጥሩ እስከ መንገዱ ጠርዝ ደርሶ እይታውን ከልሎታል። «ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚተከለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ደግሞ ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ምሰሶ አንድ ሞተር ብስክሌት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። አንቺም እርሱም በእንቅስቃሴ ላይ ከሆናችሁ፣ እስክትገናኙ ድረስ ከምሰሶው ጀርባ ሳይወጣ ሊመጣ ይችላል።»

ዞረን ተመለስን። ያልተቆራረጠው ነጭ መስመር ጋ ከመድረሴ በፊት ጎማዎቹ ቀጥ እስኪሉ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ግን የሚታየኝ አጥሩ ብቻ ነው። አሰልጣኜ መንገዱ እስኪታየኝ በፍሪሲዮን ቀስ እያልኩ እንድወጣና እንደገና ለመቆም ዝግጁ እንድሆን ነገሩኝ። «ስለቆምሽ ተራው ያንቺ ነው ማለት አይደለም። ከቆምሽም በኋላ በዋናው መንገድ ለሚመጣው ቅድሚያ ትሰጫለሽ» አሉ። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ በቀይ ጠርዝ የተከበበው፣ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀው የ«ቅድሚያ ስጥ» ሦስት ማዕዘን መጣ። ከሩቅ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ማንም አልነበረም። እኔ ግን የተቆራረጠው መስመር ላይ ቀጥ አልኩ። ከኋላዬ የነበረው መኪና ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ያዘ።

«አሁንስ ለምን ቆምሽ?»

«ቅድሚያ ለመስጠት።»

«ለማን?»

መልስ አልነበረኝም። አሰልጣኜ የነገሩኝን መለኪያ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «በዋናው መንገድ የሚመጣው አሽከርካሪ በአንቺ ምክንያት ፍሬን መያዝ ወይም መሪ ማዞር ካስፈለገው ቅድሚያ አልሰጠሽውም። ካላስፈለገው ማለፍ ትችያለሽ። ‹ቁም› ላይ መቆምሽን የሚወስነው ምልክቱ ነው፤ እዚህ ግን የምታዪው ነገር ነው።»

በሚቀጥለው ዙር ቀድሜ ፍጥነቴን ቀነስኩና ወደ ሁለተኛ ማርሽ ገባሁ። ከሩቅ አንድ የጭነት መኪና ሲመጣ አየሁ፤ ብገባ ፍሬን አስይዘዋለሁ፣ ስለዚህ መስመሩ ጋ ቆሜ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ባለው ዙር መንገዱ ባዶ ስለነበር ሳልቆም ገባሁ፤ አሰልጣኜም እግራቸውን ከፍሬኑ አላስጠጉም።

አሁንም የሚያስቸግረኝ ዓይኔ ነው። መገናኛው ሲቀርብ መስመሩ ላይ ይተከልና ዋናውን መንገድ ዘግይቼ አያለሁ። ነገ ያንኑ ሦስት ማዕዘን አሥር ጊዜ እንድንደጋግመው ጠይቄያቸዋለሁ።