ብረቱ ያለው አፍንጫው ላይ ብቻ ነበር

ደብረ ብርሃን ላይ የፋብሪካ ሼድ ስንገነባ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሲሚንቶና ሚስማር ከማደሌ ሌላ የሠራተኛውን ሴፍቲ ጫማ መግዛትም እኔ ላይ ወደቀ። መርካቶ ወርጄ 60 ጥንድ ገዛሁ። ስገዛ የማውቀው ፍተሻ አንድ ብቻ ነበር። የጫማውን አፍንጫ በቁልፍ መታ መታ አድርጌ አዳምጣለሁ። ቀጭ ቀጭ ካለ ብረት አለው። ብረት ካለው ሴፍቲ ነው። ነጋዴውም "ኦሪጅናል ነው፣ አትጠራጠር" አለኝ። አልተጠራጠርኩም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ኅዳር ውስጥ ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ። አናጺዎቹን የሚመሩት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ፎርምወርክ እያስፈቱ ነበር። ከአምዱ ላይ የተነቀለ ጣውላ ሚስማሩን ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ መሬት ላይ ተኝቷል። ጋሼ ከመሰላሉ ሲወርዱ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። አልጮኹም። "ያዘኝ" ብቻ አሉ። እግራቸውን ሲያነሱ ጣውላው አብሮ ተነሣ።

ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ቴታነስ ክትባት ነው። ቀጥሎ ቁስሉን ሲያጥብ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሚስማር ብቻውን አይገባም አለኝ። ሶሉን በስቶ ሲያልፍ የጎማ ፍርፋሪና የካልሲ ክር እየገፋ ይገባል፣ በኋላ የሚያመረቅዘውም ያ ነው። ሳይት ስመለስ ኢንጂነሩ "ጫማ አላደረጉም ነበር እንዴ?" አለኝ። አድርገዋል። ያውም እኔ የገዛሁትን።

ማታ ስቶሩን ዘግቼ አንዱን ጫማ በመጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ከሥር ጎማ አለ። ከጎማው በላይ እንደ ስፖንጅ የቀለለ ነገር አለ። ከዚያ እንደ ካርቶን ያለች ስስ ንጣፍ። አለቀ። አፍንጫው ላይ ጣቶቹን ብቻ የሚከድን፣ ግማሽ ስኒ የመሰለ ብረት ተቀምጧል። ከእሱ ወደ ኋላ ግን እንደ ማንኛውም ጫማ ነው። እኔ የገዛሁት ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራ ጫማ ነው። ጋሼን የወጋቸው ከታች መጣ።

ምላሱ ላይ የተሰፋው ጨርቅ ይህንን ጽፎት ነበር። ኤስቢ ይላል። እኔ የኩባንያው ስም መስሎኝ አልፌዋለሁ። ብዙዎቹ እኛ ጋ የሚመጡ ጫማዎች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 20345 ነው። በእሱ መሠረት ኤስቢ ማለት ዝቅተኛው እርከን ነው። አፍንጫው 200 ጁል ይችላል፣ ማለትም 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅበት ጣት አይጨፈለቅም። ስለ ሶሉ መበሳት ግን ቃል አይገባም። ለሚስማር የሚሆነው ኤስ 1 ፒ ወይም ኤስ 3 የሚል ነው። ከኤስቢ ጋር ፒ ተጨምሮ ከተጻፈም ይሠራል።

ሁለተኛውን ግዢ ከመሄዴ በፊት ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ማለዳ አርማታ የሚያቀብሉት ልጆችና የሌሊት ጥበቃዎቹ "ይሄ ብረት ጣታችንን ገደለው" እያሉ ያማርሩ ነበር። ፎርማኑ "ኮምፖዚት ግዛልን" አለ። ኮምፖዚት ማለት አፍንጫው በብረት ፋንታ ከፋይበርና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሁለቱም ያንኑ የ200 ጁል ፈተና ያልፋሉ። ስለዚህ "ኮምፖዚት ፕላስቲክ ነው፣ አይችልም" የሚለው ወሬ ነው። "ብረቱ ታጥፎ ጣት ይቆርጣል" የሚለውም እንደዚያው። ያን ብረት የሚያጥፍ ጭነት ኮምፖዚቱንም ይሰብረዋል፣ ጣቱንም አይምርም።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ናሙና ሁለት ጥንድ ብቻ ገዛሁ። አንዱ የብረት አፍንጫና ከሥሩ የብረት ሳህን ያለው ነው። ሌላው የኮምፖዚት አፍንጫና ከሥሩ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ የተሰፋ ጠንካራ ጨርቅ ያለው። የስቶር ሚዛን ላይ ሳስቀምጣቸው የብረቱ ጥንድ 1,480 ግራም፣ የኮምፖዚቱ 1,310 ግራም ሆነ። በአንድ እግር 85 ግራም ልዩነት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ፌሮ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መወጣጫ ላይ ለሚመላለስ ግን እያንዳንዷ እርምጃ ላይ አለች፣ ወደ ማታ ትሰማዋለች። ደግሞ ልዩነቱ ከአፍንጫው ብቻ የመጣ አይደለም፣ ከሥር ያለው ሳህንም አለበት። ሶሉ ወፍራም ጎማ ከሆነ ኮምፖዚትም ይከብዳል። ማመን ሚዛኑን ነው።

ለብርዱ ደግሞ ጥበቃችንን ለመንኩት። አንድ ሌሊት ቀኝ እግሩ ላይ ብረቱን፣ ግራ እግሩ ላይ ኮምፖዚቱን አደረገ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን ሥራውን የምር ያዘው። ጫማዎቹን ማታ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ አሳድረናቸው ነበርና ሲያጠልቃቸው ቀኙ አፍንጫው ላይ በረዶ እንደነካ ሆነበት፣ ግራው ግን ያን ያህል አላስቸገረውም። የሚጠበቅ ነው። ብረት ሙቀትን ከፋይበር ፕላስቲክ ከመቶ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፣ ከጣት የሚለየው ደግሞ ስስ ገበር ብቻ ነው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን የነገረኝ ያላሰብኩትን ነው። አርማታው ወለል ላይ ቆሞ ሲቆይ ሁለቱም እግሮቹ እኩል ደነዘዙ። ጣውላ ላይ ሲወጣ ሁለቱም ተሻላቸው። ብርዱ ዋናው መንገዱ በሶሉ ነው ማለት ነው። የኮምፖዚት አፍንጫ ጫማን ሞቃት አያደርገውም፣ የቀዘቀዘ ብረት ከጣት ላይ ያነሣል እንጂ። ለብርድ የተሠራ ሶል የራሱ ምልክት አለው፣ ሲአይ ይባላል። ሲፈተን ጫማው ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ላይ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ ውስጡ ከ10 ዲግሪ በላይ መቀዝቀዝ የለበትም። እስከዚያው ግን ለጥበቃዎቹ የጣውላ መቆሚያ አሠራሁላቸው፣ ጫማዎቹም ሌሊት ከቆርቆሮው ሼድ ወጥተው ቢሮ ውስጥ እንዲያድሩ አደረግኩ። በነጻ የተገኘ ሙቀት ነው። አንድ ሁለቱ ልጆች ደግሞ ብርድ ፈርተው ካልሲ ደርበው ጫማው ጠቧቸው ነበር። ጠባብ ጫማ ደም ያግዳል፣ ከብረቱ የባሰ ያቀዘቅዛል።

የሚስማሩ ነገር ቀረ። ጋሼ እግራቸው በፋሻ እንደታሰረ ስቶር በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር። "ሥራ ስጠኝ፣ ሰለቸኝ" አሉኝ። የእንጨት እግር ቅረጹልኝ አልኳቸው። ከባሕር ዛፍ ጉማጅ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠርቡ ቆይተው ልክ ጫማው ውስጥ የሚገባ 42 ቁጥር እግር አወጡ። ተረከዙ ሳይቀር።

ባለ 8 ሴንቲ ሚስማር ጣውላ ላይ ወደ ላይ አቆምን። ጫማውን ከነእንጨት እግሩ ጫፉ ላይ አስቀመጥን። በሁለት ወገን ጣውላ ደግፈን ከላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጫንን። በፈተናው ደረጃ መሠረት ሶሉ 1,100 ኒውተን መቋቋም አለበት፣ ወደ 112 ኪሎ ግፊት ነው። ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ለዚያ ይቀርባል። ላቦራቶሪ አይደለም፣ አውቃለሁ። የድሮው ጫማ ግን ገና በአንደኛው ከረጢት ሚስማሩን አሳለፈው፣ እንጨቱ ላይ ጥርት ያለ ቀዳዳ ወጣ። ጋሼ ቀዳዳውን በጣታቸው ነኩትና "ይኸው የኔው ቦታ" አሉ።

የብረት ሳህን ያለው በሁለቱ ከረጢት አልተበሳም። የጨርቁም አልተበሳም፣ ግን የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ በእጄ ስዳብሰው ትንሽ አብጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የደረጃው እትም ከጨርቅ የተሠሩትን ለሁለት ከፍሏቸዋል። ፒኤል የሚባለው 4.5 ሚሊ በሆነ ወፍራም ሚስማር የተፈተነ ነው፣ ፒኤስ ደግሞ 3 ሚሊ በሆነ ቀጭን። ቀጭን ሚስማር ክሮቹን ገፍቶ በመካከላቸው ይሾልካል፣ ለዚህ ነው ከባዱ ፈተና እሱ የሆነው። የእኛ ሚስማር በካሊፐር 3.4 ሚሊ ነው። ስለዚህ ለፎርምወርክ ጨርቅ ከተባለ ፒኤስ ያለውን ነው የምፈልገው። ፒ ብቻ ከሆነ በአዲሱ እትም የብረት ሳህን ነው።

ብረቱ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ሳህኑ የጫማውን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፣ ዳር ዳሩን ክፍት ይተወዋል። ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ሰውም አይታጠፍለትም፣ ሴራሚክ የሚያነጥፉት ልጆች "እግሬን ቆርቆሮ ላይ ያሰርኩት ይመስለኛል" ብለው መልሰውልኛል። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል፣ ይታጠፋል፣ ብርድም እንደ ብረቱ አያስተላልፍም።

በመጨረሻ ግዢውን ከፈልኩት። ለአናጺዎቹና ፎርምወርክ ለሚያፈርሱት የኮምፖዚት አፍንጫ፣ ከሥር የብረት ሳህን። እንዲህ ተቀላቅሎም ይሠራል፣ አፍንጫውና ሶሉ ተለያይተው የሚመረጡ ናቸው። ለጥበቃዎችና ለሴራሚክ ሠራተኞች ከላይም ከታችም ብረት የሌለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ከባድ ነገር የወደቀበት ጫማ ደህና ቢመስልም ይመለስ። ብረት ሲመታ ሲሰረጎድ ታየዋለህ፣ ኮምፖዚት ግን ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ከላይ ቆዳው ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል።

አሁን ጫማ ስገዛ አፍንጫውን አልመታም። መጀመሪያ ምላሱን ገልብጬ አነባለሁ። ቀጥሎ ማግኔት ይዤ ከሥርም ከፊትም አስጠጋለሁ፣ ፒ ብቻ ተጽፎበት ከሥሩ ማግኔት ካልሳበ ነጋዴውን እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጭነት አንዱን ጫማ ለከረጢቱ ሰጥቼ እሠዋለሁ። ኢንጂነሩ መጀመሪያ "አንድ ጫማ በከንቱ?" ብሎ ነበር። የጋሼን የሆስፒታል ደረሰኝ ሳሳየው ፈረመልኝ።

የእንጨት እግሩ አሁንም ስቶር መደርደሪያ ላይ አለ፣ ቀዳዳው እንዳለ። ባለፈው ጋሼ መጥተው አገላብጠው አዩትና ለሴት ሠራተኞቹ ጫማ በ42 ቁጥር እግር እንደማይፈተን ነገሩኝ። 37 ሊቀርጹልኝ ጉማጅ ፍለጋ ሄደዋል።