የቆዳ ጫማ በንጹሕ ነጭ ጀርባ ላይ፦ እውነተኛውን ጥላ ሳላጠፋ እንዴት እንደሠራሁት

ለኦንላይን ሱቅ የሚሆን ዕቃን ከጀርባው ቆርጦ ነጭ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ከባዱ ዕቃው አየር ላይ የተንሳፈፈ እንዳይመስል ማድረግ ነው። ነጭ ሶል ያለው ቡናማ የቆዳ ጫማ ስሠራ የመረጥኩት መንገድ ጥላ መሳል ሳይሆን ካሜራው ያነሳውን ጥላ አስቀርቶ በዙሪያው ያለውን ብቻ ነጭ ማድረግ ነው።

አብዛኛው ውጤት የሚወሰነው ፎቶው ሲነሳ ነው። ጥቅል ነጭ ወረቀት ከግድግዳው ወደ ጠረጴዛው ሳይታጠፍ ጎበጥ ብሎ እንዲወርድ አድርጌ፣ ጫማውን ከጉብጠቱ ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊት አስቀመጥኩት። ትልቅ ሶፍትቦክስ በግራ በኩል ከላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ቆመ፤ በቀኝ ነጭ ፎም ቦርድ ብርሃኑን ይመልሳል። የጥላው ልስላሴ የሚመጣው ብርሃኑ ከዕቃው አንጻር ትልቅ በመሆኑ ነው፤ ያንኑ ሶፍትቦክስ ብናርቀው ጥላው ጠርዙ ይደርቃል።

ካሜራ ነጭ ወረቀትን ግራጫ አድርጎ ስለሚለካ ኤክስፖዠሩን በ1 ስቶፕ ያህል ከፍ አደረግኩ። ከዚያ በላይ መሄድ አያዋጣም። ወረቀቱ እዚያው ካሜራ ውስጥ የንጹሕ ነጭ ቁጥር የሆነው 255 ላይ ከደረሰ የጥላው ፈዛዛ ክፍል አብሮ ይጠፋል፣ የጫማው ጠርዝም በብርሃን ይበላል። የፈለግኩት ወረቀቱ በጫማው አጠገብ 232 አካባቢ እንዲሆን ነበር፤ ይህም በፎቶሾፕ Info ፓነል ላይ ይነበባል።

ፎቶሾፕ ውስጥ ሦስት ሌየር ነው ያለው። ከታች ሙሉ ነጭ፣ መሐል የጥላው ሌየር፣ ከላይ የተቆረጠው ጫማ። ጫማውን በፔን ቱል፣ ከጠርዙ 1 ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ ገብቼ ቆርጬ ማስክ አደረግኩለት። ጠርዙን አልፎ ከወጣ፣ ያልነጣው ወረቀት በጫማው ዙሪያ ቀጭን ግራጫ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ጫማው የተቆረጠ መሆኑን ወዲያው የሚያሳብቀው እሱ ነው።

የጥላው ሌየር የዚያው ፎቶ ቅጂ ነው። የቆዳው ቡናማ ቀለም ወረቀቱ ላይ ስለሚያርፍ መጀመሪያ ቀለሙን በ Desaturate አጠፋሁት። ቀጥሎ Levels ከፍቼ የነጩን መቆጣጠሪያ ከ255 ወደ 228 ሳብኩት። ከ228 በላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነጭ ይሆናል። ነጩ ሶል በዚህ አይጎዳም፣ ከላይ ያለው ጫማ Levels አልነካውምና።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የወረቀቱ ማዕዘኖች ብርሃን ስለጎደላቸው 214 ላይ ነበሩ፤ እነሱን ለማንጣት መቆጣጠሪያውን እስከ 214 መሳብ ያጓጓል። ግን ከ214 እስከ 228 ያለው የጥላው የመጨረሻ ፈዛዛ ጫፍም ነው። እሱ ሲጠፋ ጥላው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን 228 ላይ ትቼ፣ በጥላው ሌየር ማስክ ላይ Hardness 0 በሆነ ትልቅ ብራሽ ማዕዘኖቹን በጥቁር ቀባሁ። ከወለሉ በላይ ያለውንም የጫማውን ቅጂ በዚያው ብራሽ ሸፈንኩት፣ አለዚያ በቆዳው ዙሪያ ግራጫ ክር ይታያል።

ዓይን ነጭ ያለው ሁሉ ነጭ አይደለም። ለመፈተሽ ከሁሉም በላይ የ Threshold ማስተካከያ ጨምሬ 255 ላይ አደረግኩት፤ ነጭ ያልሆነው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩ ጫማውና ጥላው ብቻ መሆን አለበት፣ የፎቶውን ጠርዝም መንካት የለበትም። ከዚያ ማስተካከያውን አጥፍቶ በ sRGB ጄፔግ ማስቀመጥ ነው።

የጥላው ሌየር Multiply ላይ ቢሆን ይሻላል። ነጭ ላይ ሲሆን ከ Normal ምንም ልዩነት የለውም፤ በኋላ ፈዛዛ ግራጫ ጀርባ ቢያስፈልግ ግን ሥራው እንደገና አይጀመርም።

ከፎቶው የሚተርፍ ጥላ ከሌለ መሳል ግድ ነው፤ ያኔ አንድ ሞላላ ጥቁር አይበቃም። ስፋቱ 2000 ፒክስል ለሆነ ፎቶ፣ ሶሉ ወለሉን በሚነካበት ቦታ ብቻ ጠባብና ጠቆር ያለ ጥላ በ Gaussian Blur 4 ፒክስል፣ ከሥሩ ደግሞ ከብርሃኑ ተቃራኒ የተዘረጋ ሰፊና ፈዛዛ ጥላ በ50 ፒክስል እጀምራለሁ፤ የሰፊው Opacity ከ20 በመቶ አይበልጥም። የጫማ አፍንጫ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ጠባቡ ጥላ እዚያ ሳይደርስ መክሰም አለበት። ለብርጭቆና ለባለቀለም ጠርሙስ ግን የተሳለ ጥላ አልጠቀምም፣ Desaturate ም አላደርግም፤ በመስታወቱ አልፎ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ባለቀለም ብርሃን የጥላው አካል ነው።