ስልሳ ሰባት

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጥግ ባለ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አማካይ እያስተማርኩ አምስት የፈተና ውጤቶች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። 58፣ 64፣ 70፣ 72፣ 71። ድምራቸው 335፣ ለአምስት ሲካፈል 67።

67 ብዬ ስጽፍ ክፍሉ ፈነዳ።

ስልሳውም ልጅ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ እንደ ሚዛን አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረገ "ሲክስ ሰቨን!" ይላል። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት የሱሪዬን ዚፕ ማየት ነው። መምህር የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዚፑ ደህና ነው። ከኋላዬ የተለጠፈ ወረቀትም የለም። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ ትክክል ነው።

በዚህ መሃል ዩኒት ሊደራችን በሩ ላይ ቆመዋል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የታሪክ መምህር ናቸው።

"ምንድነው ያላችሁት?"

"ስልሳ ሰባት፣ ጋሼ" አለ አንዱ ደፋር። በአማርኛ ማለቱ ነው ጉድ ያመጣው።

ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። "ስልሳ ሰባት ያስቃል? መስከረም 2 ንጉሡ የወረዱበት፣ ኅዳር 14 ስልሳ ሰው በአንድ ሌሊት የተረሸነበት ዓመት ያስቃል? የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ሬዲዮኑን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልተከፈተም!"

ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔም።

ቢሮ ጠርተውኝ ከማን እንደተማሩት ጠየቁኝ። "የእጁ ምልክትስ? ሚዛን ነው። ፍርድ ማለታቸው ነው። ይሄ የተጠና ነገር ነው።"

"ጋሼ፣ የቲክቶክ ነገር ይመስለኛል።"

"እና ትርጉሙ ምንድነው?"

"እሱን እንኳ አላውቅም።"

"አየህ? አንተንም ደብቀውሃል።"

ለዲሲፕሊን ኮሚቴ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። እኔ! ያጠፋሁት አማካይ ማስላት ብቻ ነው።

በማግስቱ አንዷን ጎበዝ ተማሪ በእረፍት ሰዓት ጠየቅኳት። ስክሪላ የሚባል አሜሪካዊ ራፐር ዘፈን ውስጥ "ሲክስ ሰቨን" የሚል አለ። ልጆች እሱን ላሜሎ ቦል በሚባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቪዲዮ ላይ ለጠፉት። የላሜሎ ቁመት ስድስት ጫማ ከሰባት ኢንች ነው፤ ሁለት ሜትር ገደማ።

"እሺ፣ ታዲያ ቀልዱ የቱ ጋ ነው?"

"የለውም እኮ ቲቸር።"

"ምንም?"

"ምንም። እናንተ 'ምን ማለት ነው' ስትሉ ነው የሚያስቀው።"

ቆይቶ ገባኝ። እኛ ትልልቆቹ ሳቅ ስንሰማ የሚሳቅበትን ሰው ወይም የተደበቀ ነገር እንፈልጋለን። እኔ ራሴን ጠረጠርኩ፤ ጋሼ ታሪካቸውን። ልጆቹ ግን የሚስቁት አብረው ስለሚያውቁት፣ እኛ ደግሞ ስለማናውቀው ነው። ቁጥሩ 43 ቢሆንም ግድ የላቸውም ነበር።

እንግዲህ የገባው ሰው አርፎ አይቀመጥም። ዓርብ ዕለት መጽሐፍ አስወጥቼ "ገጽ ስንት? ሲክስ ሰቨን!" አልኩ፣ በእጄ ጭምር። ዝም። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ በእናትህ ይቅርብህ" አለ፣ በእውነት አዝኖልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ አንድም ልጅ አላለውም። ዩኒት ሊደሩ በቁጣ ያላቆሙትን እኔ በመውደድ ገደልኩት።

ግን ሌላ መጣ። ጥያቄ መልሶ የተሳሳተ ልጅ ካለ፣ ከኋላ ወንበር ቀስ ያለ ድምፅ "ሬዲዮኑን ዝጉት" ይላል። ክፍሉ ይፈርሳል። ይህ የማንም ቲክቶክ አይደለም፤ እዚሁ ኮዬ የተሠራ ነው፣ ሌላ ሴክሽን እንኳ አያውቀውም። አላስቆምኩትም። የእኚያን አባት ዝምታ እያሰብኩ ቅር ይለኛል፤ እስቃለሁም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሼ ሰብሳቢ ናቸው። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረች፦ "የኮሚቴው አባላት ብዛት 7፣ የተገኙ 6።"

ፊቴን በወረቀት ሸፈንኩ፤ አልቻልኩም።

"ምን ያስቃል?" አሉ ጋሼ።

"ምንም፣ ጋሼ" አልኩ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጸሐፊዋን "ያዥልኝ፣ መምህሩም አለበት" አሏት።