የ31 ሰው የፋሲካ ድግስ በደሴ፦ ገንዘቡን በቀን ቆጠራ ያብቃቃሁበት መንገድ

በ2017 ዓ.ም. እናቴ የፋሲካውን ድግስ ለእኔ አስረከበችኝ። እህትና ወንድሞቼ ያዋጡት 48,000 ብር ነበር፤ የሚበላው 31 ሰው። ከነዚህ ውስጥ 12ቱ በአክስቴ ባል በኩል ያሉ ሙስሊም ዘመዶቻችን ናቸው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም፤ የድግሱን ሒሳብ ግን ይለውጠዋል። ክርስቲያን ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ ሙስሊም ያረደውን እኛ አንበላም። ስለዚህ ሥጋው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ቢላዋውም ሁለት ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሁሉም ነገር የሚገዛው በሕማማቱ ሳምንት ነበር። ደሴ ውስጥ በዚያ ሳምንት ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ጠዋት የተጠራ ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይገኝም። እኔ ደብተር ላይ የጻፍኩት «ምን ልግዛ» ብዬ ሳይሆን «እያንዳንዱ ነገር መቼ ይወደዳል» ብዬ ነው፤ ከፋሲካ፣ ከሚያዝያ 12፣ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ።

በርበሬውን የገዛሁት ጥር ላይ ነው፤ አዲሱ ምርት ገበያውን ሞልቶት ስለነበር። የተፈጨ አልገዛም፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? ዛላውን አንስቼ ጎንበጥ አደርገዋለሁ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ግን ውኃ በኪሎ እየተመዘነልኝ ነው ማለት ነው። ኮረሪማውንም ከነቅርፊቱ ወሰድኩ። የተፈለፈለው ይቀላል፤ ነገር ግን ሽታው ቶሎ ይጠፋል፣ ያረጀውንም ከአዲሱ ለመለየት ያስቸግራል።

ቅቤ ላይ ልሳሳት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ ቅቤ ስለሚተው ዋጋው ይወርዳል ብዬ የካቲት መጨረሻ ላይ ገበያ ወጣሁ፤ አልወረደም። ነገሩን ያስረዳችኝ አክስቴ ናት። «ልጄ፣ ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ናቸው። እናንተ ብትተዉትም እኛ ማታ ማታ እናፈጥርበታለን። ኢድ ይለፍና ግዢ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁዳዴው የካቲት 17 ገብቶ ረመዳን በአምስት ቀን ተከተለው፤ ኢድ የዋለው መጋቢት 21 ነው። ከኢድ እስከ ሆሳዕና ባሉት ሁለት ሳምንታት ሙስሊሙ ለኢድ የሚያስፈልገውን ገዝቶ ጨርሷል፣ ክርስቲያኑ ገና አልጀመረም። መጋቢት 29 ሰኞ ዕለት አራት ኪሎ ለጋ ቅቤ በኪሎ 900 ብር ገዛሁ። በሕማማቱ ሳምንት ጎረቤቴ ተመሳሳዩን 1,150 ከፍላለች።

ቅቤ ሲገዙ ላዩን ማሽተት አይበቃም። ሻጯን አስፈቅጄ ቀጭን ስንጥር እስከ መሀሉ ሰደድኩ፣ አወጣሁና አሸተትኩ፤ ጥቂት ደግሞ በጣቶቼ መሀል አሸሁ። ንጹሕ ቅቤ ወዲያው ቀልጦ ጣትን ያወዛል፤ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ይሻክራል ወይም ይጣበቃል። የመጀመሪያዋ ሻጭ ቅቤ ላዩ ለጋ፣ መሀሉ የከረመ ስለነበር ትቼው ሄድኩ። ቤት ወስጄ ሳነጥረው ከአራቱ ኪሎ የተረፈኝ ከሦስት ብዙም አይበልጥም። ይህን ጉድለት አስቀድሞ ያላሰበ ሰው በዓሉ ማግስት ተመልሶ ገበያ ይወጣል። ሲነጠር ጆሮዬን እሰጠዋለሁ፤ መንጫጫቱ ጸጥ ካለና የረጋው አተላ ወርቅማ ከሆነ ውኃው አልቋል። ውኃ የቀረበት ቅቤ አይቆይም።

ሥጋው የገንዘቡን ከግማሽ በላይ የሚወስድ ነው። እናቴ ሁልጊዜ ሁለት በግ ታሳርድ ነበር፣ አንዱ ለእኛ አንዱ ለእነሱ። እኔ በጉን በኪሎ አሰብኩት። 12,000 ብር የተጠራበት በግ ተገፎና ሆድ ዕቃው ወጥቶ ከነአጥንቱ ወደ 11 ኪሎ ቢሰጥ ነው፤ ኪሎው ከ1,000 ብር በላይ ይመጣል። ድሮ ቆዳው ጥቂት ይመልስ ነበር፤ አሁን ቆዳ የሚጠይቅ ሰው እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ የ16 መደብ ቅርጫ እየተዋቀረ ነበር፤ በሬው 112,000 ብር፣ መደቡ 7,000። ከአንድ መደብ አሥር ኪሎ ያህል ስለሚገኝ ኪሎው 700 ብር ነው፤ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ይደርሳል። ሁለት መደብ ያዝኩ። በጉን ለአክስቴ ወገን ብቻ አደረግሁት።

ቅርጫ ግን የራሱ ጣጣ አለው። በስቅለት ዕለት አንድ አባል ገንዘብ አጣሁ ብሎ ወጣ። በሬው ተገዝቶ ስለነበር የእሱ ድርሻ ለቀሩት 15 መደቦች ተካፈለ፤ መደቡ ወደ 7,467 ብር ከፍ አለ፣ እኔም ለሁለቱ 934 ብር ጨመርኩ። ሥጋውም በዚያው ልክ ጨምሯል፤ ችግሩ ያላሰቡትን ብር በዚያ ቀን ማግኘቱ ነው። መጠባበቂያ ብዬ ከነገር ሁሉ በፊት 3,000 ብር ለብቻው አስቀምጬ ባላቆይ ኖሮ ከዶሮው ልቀንስ ነበር። ለሚቀጥለው ቅርጫ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ በሬ ከመገዛቱ በፊት ሁሉም ሰው ግማሹን ይክፈል።

በጉን ከቅቤው ጋር በአንድ ቀን ገዝተን ሁለት ሳምንት ቀለብነው። ድርቆሽና ፉርሽካው 700 ብር ፈጀ፤ ያም ሆኖ በቅዳሜ ሹር ከተጠራው ዋጋ አንጻር አትርፈናል። ይህ የሚያዋጣው ግቢና የሚጠብቅ ሰው ላለው ነው። የበልጉ ዝናብ አንድ ሌሊት ጥሎ በጉ ሲያስል ስላደረ አልተኛሁም።

ቀድሞ መግዛት ያከሰረኝ ሽንኩርት ላይ ነው። 15 ኪሎ በዚያው ሰኞ ገዝቼ በማዳበሪያ ከረጢት እንደታሠረ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። የዶሮውን ቁሌት ልጀምር ስፈታው ከታች ያለው በስብሷል፣ ሌላው አቆጥቁጧል፤ አምስት ኪሎ ያህል ጣልኩ፣ በዋዜማው ዋጋም ተካሁት። ሽንኩርት በሦስት በአራት ቀን ቀደም ብሎ ተገዝቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተዘርግቶ ነው የሚያድር። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ስለምቆጥር ጉድለቱ ወዲያው ነው የሚታየው።

መጠጡን ባጭሩ ልናገር። ጠላውን ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ጠነሰስኩ፤ ኮምቦልቻ ያለች እህቴ ሙቀቱ ስለሚያግዛት ዘግይታ ትጀምራለች፣ የደሴ ብርድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለአክስቴ ወገን ቀሪቦ አዘጋጀን፤ ገብሱ ለጠላው ከተገዛው ላይ ስለተቀነሰ ወጪው ትንሽ ነው። ለስላሳ በሣጥን ከአከፋፋይ ወሰድኩ፤ ባዶ ጠርሙሱን ከጎረቤት ተውሼ ስለነበር መያዣ አልከፈልኩም።

በፋሲካ ጠዋት አክስቴ የራሷን ድስት፣ ቢላዋና ጭልፋ ይዛ መጣች። በጉን የእሷ ልጅ አረደ፤ ከእኔ የወሰደችው በርበሬና ንጥር ቅቤ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ዘርግተን ስንደምር 1,100 ብር ተርፏል። የ2018ቱን ፋሲካ ያን ዕለት አብረን ቆጠርነው፤ ሚያዝያ 4 ይውላል፣ ረመዳንም ከሁዳዴ ጋር ይገናኛል። ቅቤው አሁንም ከኢድ በኋላ ይገዛል ብለን ጻፍን፤ ሽንኩርቱ ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ዋዜማ።