ጂሙ አዲስ አበባ፣ እኔ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ከገባሁ አራት ወሬ ነው። ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ቡና ይዤ ቁጭ እንዳልኩ የባንክ ሜሴጅ መጣ፦ 1,800 ብር ተቆረጠ። የአዲስ አበባው ጂም! ስወጣ ደውዬ «ትቻለሁ» ብያቸው ነበር እኮ።

ውሉን ከሻንጣ ፈልጌ አወጣሁት። ፊት ለፊቱ ዋጋው በትልቁ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል፦ መሰረዝ የሚቻለው ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ነው፤ ካልሆነ ውሉ በራሱ ይታደሳል። ከተማ የለቀቀ ግን አዲሱን አድራሻ በማስረጃ ካሳየ ያለ ቅጣት ይወጣል።

ባንክ ሄጄ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዙን ላስቆም ስል ልጅቷ «ይሄ ክፍያውን እንጂ ውሉን አያቆምም፤ ዕዳው ይቆጠርብሃል» አለችኝ። ከዚያ ፖስታ ቤት። ደብዳቤውን ከቤት ኪራይ ውሌ ኮፒ ጋር በሪኮማንዴ ላክሁ፤ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። የሄደው 7,200 ብር ግን ያንገበግባል።