12ኛው ረድፍ ላይ ያለው 900 ብር

በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የወረቀት መቁረጫ ማሽናችን ተበላሸ። ጥገናውም አዲስ ከመግዛት የማይተናነስ ሆነ። ሥራ አስኪያጇ 60,000 ብር ለመበደር ወሰኑና የሁለት አበዳሪዎችን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «አንተ አወዳድረህ የሚሻለውን ንገረኝ» አሉኝ።

አንደኛው አበዳሪ በዓመት 18 በመቶ ይላል፣ ሌላኛው 24 በመቶ። ሁለቱም ብድሩ በ12 ወር በየወሩ የሚከፈል ነው። ሁለቱም ለአገልግሎት ብለው 2 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር፣ ገንዘቡን ሲሰጡ ይቀንሳሉ። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ወለዱ ላይ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ከ24 ይልቅ 18 እንደሚያንስ ማንም ያውቃል። ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም በእኔ ቃል ፈረሙ። በየወሩ 5,900 ብር መክፈል ጀመርን።

ስድስተኛውን ክፍያ በከፈልንበት ሳምንት አንድ ትልቅ ደንበኛ የቆየ ዕዳውን ጠቅልሎ ከፈለን። ሥራ አስኪያጇ ዕዳ አይወዱም። «የቀረውን ከፍለን እንገላገል፤ ስንት እንደሚቀር ጠይቅልኝ» አሉኝ። እኔ ግማሹን ስለከፈልን የሚቀረን 30,000 ብርና የጥቂት ቀን ወለድ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። አበዳሪው ዘንድ ስደርስ ግን የብድር ሠራተኛው ስክሪኑን አየና 35,400 ብር አለኝ።

የተሳሳተ መስሎኝ እንደገና እንዲያየው ለመንኩት። ውሉን አውጥቶ አንዱን አንቀጽ በጣቱ አሳየኝ፦ ተበዳሪው ብድሩን ከጊዜው ቀድሞ ቢከፍልም የውሉ ሙሉ ወለድ ይታሰብበታል። ያልደረሱት የስድስት ወራት ወለድ፣ 5,400 ብር፣ ገና ያልተጠቀምንበት ገንዘብ ወለድ ሆኖ ሳለ ዕዳችን ነበር። ሰውየው አላጭበረበረንም፤ የጻፈውን ነው የነገረኝ። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ ከቢሮ ሳልወጣ የመክፈያ ሰሌዳውን ከፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው 12 ረድፍ አለው። እያንዳንዱ ረድፍ ዋና ገንዘብ 5,000፣ ወለድ 900፣ ድምር 5,900 ይላል። አንድም ረድፍ ከሌላው አይለይም። ውሉ ሲፈረም ይህን አይቼ ነበር፤ እንዲያውም ለመመዝገብ ቀላል ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ዓይኔ 12ኛው ረድፍ ላይ ቆመ። በዚያ ወር እጃችን ላይ የሚቀረው የአበዳሪው ገንዘብ 5,000 ብር ብቻ ነው። የዚያ ወር ወለድ ግን አሁንም 900 ነው። 900ን ለ5,000 ሳካፍለው 18 በመቶ መጣ። ለዓመት ነው ብዬ ያስፈረምኩበት 18 በመቶ እዚህ ጋ በአንድ ወር ብቻ ተከፈለ።

ነገሩ የገባኝ ከዚህ ነው። ወለዱ የሚሰላው በእጃችን ባለው ዕዳ ላይ አልነበረም። መጀመሪያ በተበደርነው 60,000 ላይ አንድ ጊዜ ተሰልቶ (የ60,000 18 በመቶ 10,800 ነው) ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ተደልድሏል። አበዳሪዎች ይህን «ፍላት» ይሉታል፤ በአማርኛ «ቋሚ ወለድ» የሚሉም አሉ። ይህ ሁለተኛው አጠራር ሰው ያሳስታል። እኔ ራሴ ውሉ ላይ «ቋሚ» የሚለውን ሳነብ መጣኔው በመሃል አይጨምርም ማለት ነው ብዬ ተረድቼው ነበር። መጣኔው የማይለወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብ የማይቀንስ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እውነተኛውን ወጪ በጭንቅላት ለመገመት አንድ አቋራጭ አለ። ዋናው ገንዘብ በየወሩ 5,000 የሚቀንስ ከሆነ በመጀመሪያው ወር በእጃችን 60,000 አለ፣ በመጨረሻው 5,000፤ የዓመቱ አማካይ 32,500 ነው። ዓመቱን ሙሉ በአማካይ የተጠቀምነው በዚህ ያህል ገንዘብ እንጂ በ60,000 አይደለም። የከፈልነው ወለድ ግን 10,800 ነው። 10,800ን ለ32,500 ስናካፍል ወደ 33 በመቶ ይጠጋል። ይህ ሻካራ ግምት ነው፤ ትክክለኛው ስሌት 31.7 ገደማ ያወጣል። ሆኖም ከ18 ምን ያህል እንደራቀ ለማየት ግምቱ ይበቃል።

ከዚያ የጣልነውን የ24 በመቶ ወረቀት ከፋይል አወጣሁት። የዚያኛው ወለድ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ነው የሚሰላው። ወርሃዊ ክፍያው 5,674 ብር ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ የ60,000 2 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር ነው። ይህ ከእኛ 900 ስለሚበልጥ መጀመሪያ ስመለከተው ያስደነገጠኝ እሱ ነበር። ግን ዋናው ዕዳ በቀነሰ ቁጥር ወለዱም አብሮ እየወረደ በ12ኛው ወር 111 ብር ይሆናል። የዓመቱ ወለድ ተደምሮ 8,088 ነው። «ርካሹን» መርጬ ድርጅቱን 2,712 ብር አስወጥቻለሁ። ስድስተኛው ወር ላይ ለመዝጋት ቢያምረን ደግሞ የሚቀረው 31,780 ገደማ ይሆን ነበር፤ እኛ የተጠየቅነው 35,400 ነው።

የአገልግሎት ክፍያውንም ያን ማታ ነው በቅጡ ያየሁት። 1,200 ብር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ገና ከጅምሩ ስለሚቀነስ እጃችን የገባው 58,800 ነው። ወለድ የከፈልነው ግን ላልደረሰን ገንዘብም ጭምር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት ኤክሴል ውስጥ አንድ ቀመር አለ፦ የወሩን ብዛት፣ ወርሃዊውን ክፍያና እጅ የገባውን ገንዘብ ሲሰጡት የወሩን እውነተኛ ወለድ ያወጣል።

```
=RATE(12,-5900,58800)
=RATE(12,-5674,58800)
```

የመጀመሪያው የኛ ብድር ነው፤ በወር 2.98 በመቶ ሰጠኝ፣ በ12 ሲባዛ ወደ 35.8። ሁለተኛው የጣልነው ነው፤ 2.33፣ በዓመት 28 ገደማ። የወረቀቶቹ ርዕስ 18 እና 24 ይላል። የአገልግሎት ክፍያው ተጨምሮ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ግን 35.8 እና 28 ናቸው። ከወርሃዊው ክፍያ በፊት የመቀነስ ምልክት የሚደረገው ገንዘቡ ከእኛ ስለሚወጣ ነው፤ ምልክቱ ከተረሳ ቀመሩ ስህተት ይሰጣል።

በማግስቱ ሁሉንም ለሥራ አስኪያጇ ነገርኳቸው። ሰሌዳውን ይዤ ገብቼ 12ኛውን ረድፍ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «አሁን መዝጋቱ ምን ይጠቅመናል?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ምንም ነበር። አሁን ብንከፍልም በየወሩ ብንከፍልም ድምሩ ያው 35,400 ስለሆነ ገንዘቡን ቀድሞ መስጠት አንዲት ብር አያተርፍም። ስለዚህ ከደንበኛው የመጣውን ገንዘብ ለወረቀት ግዢ አዋልነው፣ ብድሩንም እስከ መጨረሻው ወር በየጊዜው ከፈልን። እንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ ገብቶ ለተገኘ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

በቀጣዩ ዓመት ለወረቀት 40,000 ብር አስፈለገን፤ ለስድስት ወር። ሥራ አስኪያጇ አሁንም እኔኑ ላኩኝ፣ ይህን መቼም አልረሳላቸውም። ሌላ አበዳሪ ዘንድ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛዋ ወለዱ በወር 2 በመቶ ነው አለችኝ። «በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው?» አልኳት። «በቀሪው ነው» አለች። አመንኳት፤ ብቻ ከመፈረማችን በፊት ሙሉውን የመክፈያ ሰሌዳ እንድታትምልኝ ጠየቅኋት።

ሰሌዳው ሲመጣ የመጀመሪያውን ረድፍ ዘለልኩት። በሁለቱም አሠራር የመጀመሪያው ወር ወለድ 800 ብር ስለሆነ እሱን ማየት ምንም አይነግርም። ሁለተኛውን ረድፍ አየሁ። እሱም 800 ይላል። ወርሃዊ ክፍያውም 7,467 ነው። በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ቢሆን ክፍያው 7,141፣ የሁለተኛው ወር ወለድ ደግሞ 673 አካባቢ መሆን ነበረበት።

«እህቴ፣ ይሄ በቀሪው ላይ አይደለም» አልኳትና ሁለተኛውን ረድፍ አሳየኋት። እሷም በእርሳስ አሰላችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ የዋሸችኝ አይመስለኝም፣ እንደተነገራት ነው የነገረችኝ። ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ገባች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትመለስ ሁለት ዓይነት ብድር እንዳላቸው፣ በቀሪ ዕዳ የሚሰላው ተጨማሪ የዋስ ሰነድ እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። ሰነዱን በማግስቱ አቀረብን። አዲሱ ሰሌዳ ታትሞ ሲመጣ ሁለተኛው ረድፍ 673 ይላል። ቀድሞ ስለ መክፈል የሚናገረውንም አንቀጽ ፈልጌ አነበብኩ፤ ቀድሞ የከፈለ እስከከፈለበት ቀን ያለውን ወለድ ብቻ ይከፍላል ይላል። ያኔ ሥራ አስኪያጇ ፈረሙ።

አራተኛውን ክፍያ ስንፈጽም ገንዘብ ስለነበረን የቀረውንም አብረን ለመዝጋት ጠየቅን። 13,865 ብር ተባልን። የሁለቱ ቀሪ ወራት ክፍያ 14,282 ነበር፤ 417 ብር ተረፈን። ደረሰኙን ፋይል ውስጥ ሳስገባ ከአምናው ሰሌዳ አጠገብ አደረግሁት፣ 12ኛው ረድፍ ላይ በቀይ ያከበብኩት 900 ወደ ላይ እንዲታይ አድርጌ።